ዩኒፎርሙን ማን ይግዛው?

ባለፈው ክረምት አንዲት ተማሪዬ ለአይኤልትስ ፈተና ልምምድ የጻፈችውን ድርሰት ይዛልኝ መጣች። ጥያቄው ፈተናውን የሚያስጠና ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ነው። አንዳንዶች ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም መልበስ አለበት ይላሉ፤ ሌሎች የፈለገውን ይልበስ ይላሉ፤ ሁለቱንም ሐሳብ አብራሪና የራስሽን አቋም ግለጪ ይላል። እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ፊደል አልገደፈችም፣ አንቀጾቿም በሥርዓት ተከፋፍለዋል። አንብቤ ስጨርስ ግን ልጅቷ ምን እንደምታምን አላወቅሁም። ዩኒፎርም እኩልነትን ያመጣል፣ ሥነ ሥርዓትን ያስተምራል፣ በሌላ በኩል ነፃነትን ይገድባል፣ ስለዚህ ሁለቱም ጥቅምም ጉዳትም አላቸው ብላ ዘግታዋለች።

«አንቺ ዩኒፎርም ለብሰሽ ነው የተማርሽው?» አልኳት።

«አዎ፣ ቲቸር። ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ።»

«ታዲያ እኩል አደረገሽ?»

ሳቀች። «ኧረ ምን እኩል ያደርጋል! የኔ ሹራብ የእህቴ ነበር። እጅጌውን ሁለቴ አጥፌ ነበር የምለብሰው። ደህና ያላቸው ልጆች በየመስከረሙ አዲስ ያሰፋሉ፤ የኛ ግን ቀለሙ ለቆ ከሩቅ ይታወቃል።»

«ይህን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ፈተና ላይ እንዲህ ይጻፋል እንዴ?»

ይጻፋል። እንዲያውም የጥያቄው ወረቀት ራሱ ከዕውቀትሽ ወይም ከገጠመሽ ነገር ምሳሌ አምጪ ብሎ ያዛል። አብዛኛው ተፈታኝ ይህችን መስመር ዘሎ ያልፋታል። ለዚህ ጥፋተኛው ተፈታኙ ብቻ አይደለም። እኛ አስተማሪዎች «እኩልነት፣ ሥነ ሥርዓት፣ ነፃነት» የሚባሉ ሦስት ቃላት አስይዘን ስለምንልከው ነው።

ፈተናውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። የአይኤልትስ የጽሑፍ ክፍል ሁለት ሥራ አለው። አስተያየት የሚጠየቅበት ሁለተኛው ሲሆን፣ ከአንደኛው እጥፍ ነጥብ ይይዛል። የሚመከረው ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ድርሰቱ ከ250 ቃላት ማነስ የለበትም። ፈታኙ አራት ነገሮችን በእኩል ይመዝናል፤ ጥያቄው መመለሱን፣ ሐሳቡ ተያይዞ መሄዱን፣ የቃላት አጠቃቀሙንና ሰዋስውን። ተማሪዬ በኋለኞቹ ሁለቱ ምንም አልጎደላትም። የወደቀችው በመጀመሪያው ላይ ነው። አቋም ተጠይቃ አቋም አልሰጠችም።

በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ይህንኑ ሥራ አመዛዛኝ ድርሰት ብለን ተምረነዋል። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ይኖረዋል፤ አንድ አንቀጽ አንድ ኃይለ ቃል ይኖረዋል፤ የቀሩት ዓረፍተ ነገሮች ያንን ኃይለ ቃል ይደግፋሉ። የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ነው፤ የእንግሊዝኛውም ፈተና ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። አንድ ልዩነት ቢኖር የቃላት ቆጠራው ነው። «አልነገርኳትም» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰው በእንግሊዝኛ አምስት ቃል ይሆናል። ስለዚህ በአማርኛ አስቦ ወደዚያ የሚገለብጥ ተማሪ 250 ቃል ከሚፈራው በላይ ቅርብ ነው። ድርሰቱን በባዶ ሐረግ ማሳበጥ አያስፈልገውም።

ወደ ዩኒፎርሙ እንመለስ። አቋም የሚገኘው ጥያቄውን ወደ አንድ ጠባብ ነጥብ በማውረድ ነው። «ዩኒፎርም ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ለሚለው ሰው ሁሉ ሁለቱንም ብሎ ይመልሳል፤ ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ መመለሻው «እንደ ሁኔታው» ከማለት አያልፍም። ተማሪዬ ስለ እህቷ ሹራብ ስትነግረኝ ግን ሳታውቀው ጠባቡን ጥያቄ ነክታዋለች። ዩኒፎርሙን የሚያዝዘው አንድ ነው፤ የሚገዛው ሌላ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት ትምህርቱ ክፍያ የለውም። ሆኖም መስከረም ሲመጣ ወላጅ ጨርቅ ይገዛል፣ ለልብስ ሰፊ ይከፍላል፣ ሹራብ ይጨምራል። ሦስት ልጅ ያለው ሦስቴ ይከፍላል። ያልከፈለው ደግሞ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ይልካል እንጂ ወደ ክፍል ማስገባቱን እርግጠኛ አይሆንም። በር ላይ የቆመው ጥበቃ «ዩኒፎርምህስ?» ይለዋል። እኔ ራሴ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሱሪዬ ታጥቦ ሳይደርቅ ቀርቶ በሌላ ሱሪ ብሄድ፣ ከበር ተመልሼ ሁለት ክፍለ ጊዜ አምልጦኛል። አንዱ ሒሳብ ነበር። የዚያን ቀን የተማሩትን ክፍልፋይ እስካሁን እጠላዋለሁ።

የዚህ ነገር ክብደት ከትዝታ አልፎ የተለካበት ቦታ አለ። በምዕራብ ኬንያ አንድ የእርዳታ ድርጅት በድሃ አካባቢዎች ለሚማሩ ልጆች ዩኒፎርም ይሰጥ ነበር። ለሁሉም ስለማይበቃ ተቀባዮቹን በዕጣ ለየ። ዕጣ መሆኑ ለተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው። በዕጣ የደረሰውና ያልደረሰው ልጅ በሌላ ነገር አይለያዩም፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ልዩነት የዩኒፎርሙ ነው ማለት ይቻላል። ዴቪድ ኢቫንስና ሙቶኒ ንጋቲያ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ተከታትለው ያገኙትን በ2021 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ዩኒፎርም ያገኙ ልጆች ከትምህርት ቤት መቅረታቸው በአማካይ በ37 በመቶ ቀነሰ። ቀድሞ ዩኒፎርም ጭራሽ ባልነበራቸው ልጆች ላይ ደግሞ ቅነሳው 55 በመቶ ደረሰ።

አንድ ልብስ ይህን ካደረገ፣ ቀድሞ ልጁን ቤት ያስቀረው የልብሱ መታጣት ነበር ማለት ነው። ለዩኒፎርም የሚከራከር ሰው ይህን ጥናት አንስቶ «አያችሁ፣ ዩኒፎርም ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት ይስባል» ሊል ይችላል። የሚቃወመው ሰው ደግሞ ያንኑ ይዞ «አያችሁ፣ የዩኒፎርም ግዴታ የሌላቸውን ልጆች ያስቀራል» ይላል። ለኔ ሁለተኛው ይቀርበኛል። ሳቢው ልብሱ ሳይሆን መሰጠቱ ነው። ይሁንና ድርሰት ጸሐፊ እዚህ ላይ መቸኮል የለበትም፤ ጥናቱ ሌላም ነገር ይነግረናል። ከስምንት ዓመት በኋላ ልጆቹ ተመልሰው ሲታዩ፣ ዩኒፎርም ያገኙት ከሌሎቹ የበለጠ ክፍል አልዘለቁም፤ የመጀመሪያ ደረጃንም በብዛት አላጠናቀቁም። ልብሱ ያረጃል፣ ልጁም ያድጋል፤ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለ ገደብ በድርሰት ውስጥ ሲነሳ አቋምን አያዳክምም። ፈታኙ ጸሐፊው የሚያውቀውን ነገር እንደሚያውቀው የሚረዳው እንዲህ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ነው።

«ሥነ ሥርዓት» የሚለው ሁለተኛው ቃልም እንዲሁ ሊፈተሽ ይገባል። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በካሊፎርኒያ የምትገኘው ሎንግ ቢች ከተማ ናት። በ1994 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ለአንደኛና ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ ዩኒፎርምን ግዴታ አደረጉ። ቀጥሎም በግቢ ውስጥ ድብድብና ወንጀል በብዙ እንደቀነሰ ተናገሩ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1996 እ.ኤ.አ. ለምክር ቤቱ ባሰሙት ዓመታዊ ንግግር ዩኒፎርምን አንስተው ደገፉት፤ ጉዳዩ በአገር ደረጃ መነጋገሪያ ሆነ። ችግሩ ከተማዋ በዚያው ጊዜ ትምህርት ቤቶቿን ለማሻሻል ሌላም ሥራ እየሠራች መሆኗ ነው። ወንጀሉን የቀነሰው ልብሱ ይሁን ሌላው ሥራ መለየት አይቻልም። በ1998 እ.ኤ.አ. ብረንስማና ሮክሞር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በመላ አገሪቱ የተሰበሰበ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች መረጃ ይዘው ሲያዩ፣ ዩኒፎርም የሚለብሱት ተማሪዎች በሥነ ምግባርም ሆነ በመቅረት ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አላገኟቸውም።

የኬንያውና የሎንግ ቢቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ለተፈታኝ የሚጠቅም ነገር ያሳያሉ። በአንዱ ቦታ ዕጣ ስለነበር ምክንያቱና ውጤቱ ተያይዘዋል፤ በሌላው ቦታ ሁለት ነገር አብሮ ስለሆነ ብቻ አንዱ ሌላውን አመጣው ተብሏል። ተማሪዎቼ ከሚጽፏቸው ድርሰቶች አብዛኞቹ የሚሰበሩት እዚህ ላይ ነው። «ትምህርት ቤታችን ዩኒፎርም አለው፤ ተማሪዎቹም ጨዋ ናቸው» ይላሉ። ጥብቅ ትምህርት ቤት ዩኒፎርምም ያስለብሳል፣ ሰዓትም ያስከብራል፣ ወላጅም ይጠራል፤ ከሦስቱ የትኛው ጨዋ እንዳደረጋቸው ድርሰቱ አልነገረንም።

ይህን ሁሉ ተነጋግረን ስናበቃ ተማሪዬን ሰዓት ይዛ እንደገና እንድትጽፍ ነገርኳት። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ደቂቃዎች እንግሊዝኛ አስረሳኋት። በወረቀት ጥግ አራት መስመር ብቻ በአማርኛ አስቀመጠች። አንድ፣ ዩኒፎርም ይኑር፣ ግን ያዘዘው ይግዛው። ሁለት፣ ነፃነት የሚሉት ሰዎች እውነት አላቸው፤ ለትልልቆቹ ተማሪዎች ይበልጥ። ሦስት፣ የእህቴ ሹራብና በር ላይ መመለስ። አራት፣ መዝጊያ። ሃያ አምስት ደቂቃ ጻፈች፤ የቀሩትን ሰባት ደቂቃዎች ግስና ባለቤት ሲስማሙ አየች። የጻፈችው ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«በብዙ አገሮች ተማሪዎች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ይማራሉ። አንዳንዶች ይህ ልማድ ይቅርና ተማሪው በፈለገው ልብስ ይምጣ ይላሉ። እኔ ዩኒፎርም ቢኖር እመርጣለሁ፤ የሚጠቅመው ግን ግዴታውን ያወጣው ትምህርት ቤት ወይም መንግሥት ወጪውን ሲሸፍን ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዩኒፎርም ይቅር የሚሉ ሰዎች የሚያነሱት ነጥብ ቀላል አይደለም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በየጠዋቱ የሚለብሰውን ራሱ ይመርጣል። ያን ምርጫ ቀድሞ ቢለማመደው ጉዳት የለውም። ይሁን እንጂ ይህ ክርክር ለትልልቆቹ ተማሪዎች ይሠራል እንጂ ለትንንሾቹ አይሠራም። የሰባት ዓመት ልጅ ልብሱን የሚመርጥለት ወላጁ ነው። ስለዚህ ነፃ ምርጫ ሲባል በተግባር የወላጅ አቅም ማለት ይሆናል።

ዩኒፎርምም ቢሆን የወላጅ አቅም የሚታይበት ልብስ ሊሆን ይችላል። እኔ ስድስት ዓመት የለበስኩት ሹራብ የታላቅ እህቴ ነበር። አዲስ ዩኒፎርም ከሚያሰፉት ልጆች ጎን ስቀመጥ ልዩነቱ ከሩቅ ይታይ ነበር። የክፍላችን አንድ ልጅ ደግሞ ዩኒፎርም እስኪሰፋለት ድረስ የመስከረምን ወር ሙሉ ቤት ቆይቷል። ትምህርቱ በነፃ ነበር፤ ያስቀረው ልብሱ ነው። ዩኒፎርሙ ለሁሉም በአንድ ቀን ቢታደል ኖሮ ግን እኔም እሱም ከሌሎቹ አንለይም ነበር።

ስለዚህ አንድ ልብስ አንድ የሚያደርገው ከአንድ ቦታ ሲሰጥ ነው። ትምህርት ቤት መግዛት ካልቻለ፣ ልጁን በልብሱ ምክንያት ከበር መመለስ የለበትም።»

ይህ ድርሰት ፍጹም ነው አልልም። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስለ ትልልቆቹ ተማሪዎች የጀመረችውን ሐሳብ አልጨረሰችውም፤ ለእነሱ ዩኒፎርም ይቅር ወይስ ይኑር ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መልስ አያገኝም። መዝጊያዋ ላይ ያለው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ አዲስ ሐሳብ ነው፤ ቦታው ሐተታው ውስጥ ነበር። ሆኖም አሁን አቋሟ ከመጀመሪያው አንቀጽ ይታወቃል፤ የተቃዋሚዋን ሐሳብ አቅልላ አላቀረበችውም፤ ምሳሌዋም ከማንም የተቀዳ አይደለም። ኬንያንም ሎንግ ቢችንም አለማንሳቷን ልብ በሉ። ለፈተና ቁጥር ግዴታ አይደለም። «ጥናቶች እንደሚያሳዩት 85 በመቶ የሚሆኑ ተማሪዎች» ብሎ ከኪሱ ቁጥር የሚያወጣ ተፈታኝ ግን ጥቂት አይደለም። ቁጥሩን የሚያውቅ ይጻፈው፤ የማያውቅ የሹራቡን እጅጌ ይጻፍ።

በቃል ተሸምድደው የሚመጡ መግቢያዎች ነገርም አለ። «በዘመናችን እጅግ አነጋጋሪ ከሆኑ ርእሰ ጉዳዮች አንዱ...» ብሎ የሚጀምር ድርሰት ስለ ዩኒፎርምም፣ ስለ ስልክም፣ ስለ ትራፊክም ሊሆን ይችላል። ፈታኞች እንዲህ ያለውን በየቀኑ ያዩታል። ተማሪዬ በመጀመሪያው ድርሰቷ 40 ያህል ቃላት ለዚህ አውላ ነበር፤ ከ250ው ላይ ሲታሰብ ብዙ ነው።

ጉዳዩ የፈተና ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባቆምኩ ነበር። ነገር ግን ተማሪዬ በአራት አንቀጽ የጻፈችው በተግባር የተሞከረ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማደል ጀመረ። ያዘዘው አካል ገዛው ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ከሌላ በኩል ሄዷል። መንግሥት ልብሱን አይገዛም፤ ትምህርት ቤቶች ግን የዩኒፎርምን ወጪ የሚመለከት መመሪያ እንዲያከብሩ ያስገድዳል። መመሪያው የትምህርት ቤቱ ዓርማ ያለባቸው ልብሶች በጣም እንዲቀንሱ፣ ወላጅም ያገለገለ ዩኒፎርም የሚያገኝበት መንገድ እንዲመቻች ይላል። ዓርማው ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ዓርማ የሌለውን ግራጫ ሹራብ ወላጅ ከየትም ገበያ ሊገዛው ይችላል፤ ዓርማ ያለውን ከአንድ ሱቅ ብቻ፣ ሱቁ በጠራው ዋጋ።

እኛም ዘንድ በየዓመቱ የዩኒፎርም ቀለም የሚቀይር ወይም «ከእኛ ብቻ ግዙ» የሚል ትምህርት ቤት አይጠፋም። ቀለሙ በተቀየረ ቁጥር የታላቅ እህት ሹራብ ለታናሿ መሆኑ ይቀራል። በበኩሌ ዩኒፎርምን ከማስቀረት ይልቅ ቀለም መቀየርን በሕግ መከልከል ይበልጥ ይጠቅማል እላለሁ። ሠላሳ ዓመት አንድ ቀለም የለበሰ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለወላጆች ገንዘብ አትርፏል።

ተማሪዬ ፈተናውን ወስዳለች፤ የመጣላት ርእስ ስለ ዩኒፎርም ሳይሆን ስለ ከተማ መጓጓዣ ነበር። ስልክ ደውላ ስትነግረኝ «በታክሲ ሰልፍ ጀመርኩት፣ ቲቸር» አለችኝ። እርስዎም ይህን ድርሰት ለመጻፍ የተዘጋጁ ከሆነ፣ እስክሪብቶ ከማንሳትዎ በፊት ወደ ሰፈርዎ ልብስ ሰፊ ጎራ ብለው የአንድ ልጅ ዩኒፎርም ጨርቁም ስፌቱም ዘንድሮ ስንት እንደሆነ ይጠይቁት።